ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ

ልጆች፣ ቢሮ ስትገቡ መጀመሪያ ከሚሰጧችሁ ሥራዎች አንዱ ይሄ ነው። አለቃ ከስብሰባ ወይ ከባዛር ይመለስና አንድ እፍኝ ቢዝነስ ካርድ ጠረጴዛችሁ ላይ ጣል አድርጎ «እነዚህን አስገቧቸው» ይላል። ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር። ቀላል ስለሚመስል ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምራችሁም። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። የኛ ሥራ የሚንቀሳቀሰው በስልክና በኢሜይል ነው። ጅቡቲ ወደብ ዕቃ ደርሶ ሰነዱ ለተሳሳተ አድራሻ ከተላከ ኮንቴይነሩ እዚያው ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል፣ ባለዕቃው ደግሞ ድሬ ላይ ቆሞ እኛን ይቆጥረናል።

ይህን ሥራ የሚያበላሸው ሰነፉ ብቻ አይደለም። ሰነፉ የሚዘለውን ቶሎ ታገኙበታላችሁ፣ ባዶ ቦታ ስለሚተው። የሚያስቸግረው ጎበዙ ነው፣ የሚያርመው፣ የሚያስተካክለው፣ «እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» ብሎ የሚሞላው። የሱ ጥፋት ንጹህ ሆኖ ይቀመጣል፣ ካርዱ ካልተገኘ በቀር ማንም አያየውም።

በአንድ ካርድ ላሳያችሁ። ካርዱ ከራሴ የፈጠርኩት ነው፣ ቁጥሮቹንም የሰው ስልክ እንዳይሆኑ ዜሮ አድርጌያቸዋለሁ።

```
Dr. Cabdi Xasan
Import & Export
Manager
Tel: +251 (0)25 000 00 00/01
Mob: 0700 00 00 00
Fax: +251 25 000 00 02
E-mail: cabdi_xasan1@example.com
```

በትክክል ሲገለበጥ ይሄን ይመስላል፦

```
ስም: Dr. Cabdi Xasan
የሥራ ድርሻ: Import & Export Manager
ስልክ: +251 (0)25 000 00 00/01
ስልክ: 0700 00 00 00
ኢሜይል: cabdi_xasan1@example.com
```

ከስሙ እንጀምር፣ ድሬ ላይ ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። አማርኛ ብቻ የለመደ ልጅ Cabdi የሚለውን ሲያይ ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ ይመስለውና Abdi ብሎ ያስተካክላል። ሰውየው ግን ስሙን የጻፈው በሶማልኛ ፊደል ነው። በሶማልኛ C የምትቆመው ከጉሮሮ ለምትወጣው ድምፅ ነው፣ X ደግሞ ለጠንካራዋ ሐ። ስለዚህ Xasan ሐሰን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በኦሮምኛ ቁቤ ደግሞ እነዚሁ ፊደሎች ሌላ ሥራ አላቸው፣ C ጨ ናት፣ X ደግሞ ጠ። Caaltuu የሚለውን Chaltu ብላችሁ ብታስገቡ ሴትዮዋ መታወቂያዋ ላይ ከሌለ ስም ጋር ተመዘገበች ማለት ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ካርድ ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው፣ የቤተሰብ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ፣ እላዩ ላይ ጭረት ያለበት é ተጨምሮበት። እሱንም እንዳለ ነው የምትገለብጡት። በአንድ ሳጥን ውስጥ Mohamed፣ Mohammed እና Muhammad የሚባሉ ሦስት ሰዎች ይኖራሉ፣ ሦስቱም በየፊደላቸው ይግቡ።

በአማርኛ የታተመውም ነፃ አያወጣችሁም። ካርዱ «ፀሐይ» ካለ «ጸሀይ» ብላችሁ አትጻፉ። ስታነቡት አንድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን አንድ አድርጎ አያየውም። ነገ ሌላ ሰው ካርዱን ይዞ ፍለጋው ውስጥ «ፀሐይ» ብሎ ሲጽፍ «የለችም» ይለዋል፣ ከዚያ እንደገና ያስገባታል፣ አንዷ ሴትዮ ሁለት ትሆናለች።

ማዕረግ የቱ ጋ ይግባ? «ዶ/ር» ወይ «ኢ/ር» ከስሙ ጋር በአንድ መስመር ከታተመ ከስሙ ጋር ይሄዳል። የሥራ ድርሻ የምንለው ሰውየው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተሰጠውን ቦታ ነው። ካርዱ ጠቦ ድርሻው ለሁለት መስመር ከተከፈለ፣ እላይ እንዳያችሁት በአንድ ክፍት ቦታ አገናኝታችሁ አንድ መስመር ታደርጉታላችሁ። መስመሩን የሰበረው የወረቀቱ ስፋት ስለሆነ እሱን መጠገን ማረም አይባልም። ድርሻውን ግን አትተርጉሙ፣ አታሳጥሩ። የኩባንያውን ስምም ቦታ አጣሁለት ብላችሁ እዚያ አትወሽቁት። ድርሻ ካልተጻፈ መስመሩ ባዶ ይቅር፣ አለቃው እሱ እንደሆነ ብታውቁም እንኳን።

ወደ ስልኩ ስንመጣ፣ አያችሁት፣ ቅንፍ ውስጥ ያለችው ዜሮ አለች። ትርጉሟ ከውጭ አገር ስትደውል 251 ብለህ ዜሮዋን ዝለላት፣ ከአገር ውስጥ ስትደውል ግን 025 በል ነው። ጎበዙ ልጅ ቅንፉን ያጠፋና ዜሮዋን ይተዋታል። ያኔ +251025 ይሆናል፣ ያ ደግሞ እንደተጻፈ ቢደወል ቦታው አይደርስም። መጨረሻ ላይ ያለው ስላሽም እንደዚያው ነው። 00/01 ማለት ሌላ መስመር አለ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ይለያያሉ ማለት ነው። ስላሹን ካነሳችሁት ሁለት ስልክ ተጋጭቶ አንድ የማይጠራ ረጅም ቁጥር ይወጣል። ለመደወያ የተስተካከለ ቁጥር የሚፈልግ ቢሮ ካለ ለሱ ሌላ ዓምድ ይክፈት፣ ይሄኛው የካርዱ ነው። Tel እና Mob የሚሉትን ትቻቸዋለሁ፣ «ስልክ» የሚለው መጠሪያ ስለተካቸው። አንዳንድ ቢሮ እነሱም እንዲገቡ ይፈልጋል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ፋክስ ግን ስልክ አይደለም፣ አራቱ መስመሮች ውስጥ ቦታ የለውም።

አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ በ07 የሚጀምር ቁጥር ሁሉ ላይ 7ቱን ወደ 9 ስትቀይር ደርሼባታለሁ። ሞባይል 09 ብቻ ነው ብላ ነው። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ድሬዳዋ ሆኖ ሳለ አቦ፣ ሌላ ከተማ ብትሆን እንኳ ይገባኝ ነበር! የጅቡቲ ቁጥር ላይ ደግሞ ዜሮ የሚጨምሩ አሉ። ከ253 በኋላ ስምንት አኃዝ ነው፣ ፊቱ ላይ ዜሮ የለውም።

እናንተ በትክክል ጽፋችሁ ኤክሴል የሚያበላሽባችሁም አለ። 0700000000 ብላችሁ ስትመቱ ቁጥር መስሎት የፊቷን ዜሮ ይበላታል። በ+251 የጀመረውን ያለ ክፍት ቦታ ከጻፋችሁት ደግሞ መደመሪያዋን ያነሳና፣ አሥራ ሁለት አኃዝ ስለሚሆንበት፣ 2.51E+11 የሚመስል ነገር ያሳያችኋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድም ነገር ሳትጽፉ በፊት የስልኩን ዓምድ ምረጡና ዓይነቱን ከ General ወደ Text ቀይሩት። ከጻፋችሁ በኋላ ብትቀይሩት የተበላችው ዜሮ አትመለስም።

ኢሜይል ላይ አንዲት ነጥብ ብትሳሳት ደብዳቤው ወይ ተመልሶ ይመጣል፣ ወይ ደግሞ፣ የባሰው ይሄ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ ይደርሳል። ካርድ ላይ 1ን ከትንሿ l፣ 0ን ከትልቋ O መለየት ሲያቅታችሁ አትገምቱ። እዚያው ካርድ ላይ ስልክ ቁጥሩን እዩት፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ስለሚታተም እዚያ ያለችው 1 ምን እንደምትመስል ታሳያችኋለች። ያቺ እግር ካላት፣ ኢሜይሉ ውስጥ ያለችው ግን ቀጥ ያለች እንጨት ከሆነች፣ ኢሜይሉ ውስጥ ያለችው l መሆኗ ነው። r እና n ተጠጋግተው m የሚመስሉበትም ጊዜ አለ፣ ለሱ ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። ከ@ በኋላ ያለውን ደግሞ ድረ ገጹ ካርዱ ላይ ካለ ከሱ ጋር አስተያዩት። ኢሜይሉ ከሥሩ ከተሰመረበት ተጠንቀቁ፣ መስመሩ አንደርስኮሯን ይውጣታልና ክፍት ቦታ ትመስላችኋለች። ኢሜይል ውስጥ ክፍት ቦታ ስለማይገባ እንደዚያ ካያችሁ አንደርስኮር ናት ብላችሁ ጠርጥሩ፣ አጉልታችሁም አረጋግጡ። በሞባይል የምትጽፉ ከሆነ ኪቦርዱ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርጋል፣ ከነጥብ በኋላም ክፍት ቦታ ይጨምራል፣ ጨርሳችሁ ስታበቁ ተመልሳችሁ እዩት።

ካርዱ ራሱ ስህተት ከሆነስ? ይሄ ይደርሳል። ኢሜይሉ gmail.com በሚለው ፈንታ gmial.com ተብሎ ታትሞ ይመጣል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እጃችሁም ይበላችኋል። አትንኩት። መስመሩ ላይ እንደታተመው ጻፉ፣ ከዚያ ማስታወሻ የሚል ሌላ መስመር ከፍታችሁ «ካርዱ ላይ እንደዚህ ነው፣ ሳይሆን አይቀርም gmail.com» በሉ። እናንተ ዝም ብላችሁ ካረማችሁት፣ ቀጥሎ ካርዱን የሚያየው ሰው ከዝርዝሩ ጋር ሲያመሳክር ልዩነት ያገኝና እናንተን ተሳስተዋል ብሎ ወደ ስህተቱ ይመልሰዋል። ማስታወሻው ካለ ግን አንዱ ደውሎ ባለቤቱን ይጠይቃል፣ ነገሩ ያልቃል። በእስክሪብቶ የተሰረዘና የተተካ ቁጥርም እንደዚሁ፣ የታተመው በመስመሩ፣ በእጅ የተጻፈው በማስታወሻው። ነጋዴዎቻችን ካርድ ሳያልቅ አዲስ አያሳትሙም፣ ስለዚህ ብዙ ታገኛላችሁ። ከድሮ መሳቢያ ውስጥ በ05 የሚጀምርና ስድስት አኃዝ የተከተለው የድሬ ስልክ ብታገኙ ደግሞ አትደንግጡ፣ ኮዱ 025 ከመሆኑ በፊት የታተመ ነው። እሱንም እንዳለ።

ማመሳከሩን ለራሳችሁ ዓይን ብቻ አትተዉት። የጻፈ ሰው የሚያነበው እጁ የጻፈውን ሳይሆን ልቡ የሚያውቀውን ነው። ከጎናችሁ ያለችውን ልጅ ካርዱን አስይዟትና እናንተ ስክሪኑን አንብቡላት፣ ስሙን ፊደል በፊደል፣ ስልኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ወደ ኋላ ሲነበብ ዜማ ስለሌለው አፍ አይሮጥም፣ የተዘለለች አኃዝ ወዲያው ትጋለጣለች። ብቻችሁን ከሆናችሁ ቢያንስ አኃዞቹን ቁጠሩ፣ በዜሮ የሚጀምር የኛ አገር ስልክ አሥር ነው፣ በ251 የሚጀምር አሥራ ሁለት። ባለ ቅንፏና ባለ ስላሿን አይጨምርም፣ እነሱን ከካርዱ ጋር ብቻ ነው የምታስተያዩት። ካርዱን ገልብጣችሁ ጀርባውንም እዩ፣ ፊቱ እንግሊዝኛ ሆኖ ጀርባው አማርኛ የሆነ ብዙ ነው፣ አንዳንዴም ጀርባው ላይ ያለው ስልክ ከፊቱ ይለያል። ያን ጊዜ ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ማስታወሻው ላይ ጠቁሙ።