ኢንተርኔቱን ለማቋረጥ የትኛውን አንቀጽ ልጥቀስ?

«ጋሼ፣ ፍኖተ ሰላም የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። በፋይበር ያስገባሁት ኢንተርኔት ነጋ ጠባ ይጠፋል። ስደውል ‹እየተሠራ ነው› ይሉኛል። ታኅሣሥ 2 ‹ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎቱን አልፈልግም› ብዬ ደብዳቤ ባስገባ፣ ዓመት ስላልሞላህ የቀሪውን ወራት ክፈል አሉኝ። የውሉ አንቀጽ 9 ብልሽት በተመዘገበ በ3 የሥራ ቀን ይጠገናል ይላል። አንቀጽ 11፣ ደንበኛው ዓመት ሳይሞላ በፈቃዱ ከተወ የቀሪውን ይከፍላል። አንቀጽ 14 ደግሞ ግዴታውን ያልተወጣ ወገን በጽሑፍ ተጠይቆ በ15 ቀን ካላስተካከለ፣ ሌላው ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ አንቀጽ 11 ውስጥ ያስገባህ የራስህ ደብዳቤ ነው። ስለ መጥፋቱ አንዲት መስመር የለበትም። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ሲያነበው፣ በፈቃዱ የተወ ደንበኛ ነው የሚያየው።

ያንተ መንገድ አንቀጽ 14 ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ደብዳቤ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ማቋረጫ። ማመልከቻ ላጽፍ ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ተናደው ስለሚመጡ የመጀመሪያውን መዝለል ይፈልጋሉ። ግን አያዋጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቁጥር 1772 ላይ፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ቁጥር 1786 ደግሞ የማቋረጥ መብት ውሉ ላይ ከተጻፈና ሁኔታው ከተሟላ፣ ተዋዋዩ ራሱ ውሉን ማፍረሱን ሊያስታውቅ ይችላል ይላል።

ከመጻፍህ በፊት የጠፋባቸውን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ አስፍር። የጠፋበት ቀንና ሰዓት፣ ስትደውል የሰጡህ የብልሽት ቁጥር፣ የተመለሰበት ቀን። መብራት ጠፍቶ የቆመበትን ቀን አታስገባ። አንድ እንደዚያ ያለ ቀን ካገኙ ሌላውንም «መብራት ነው» ብለው ይጥሉታል። መብራት እያለ ሲጠፋ ሞደሙን እየው። `LOS` የሚለው ላይ ቀይ ካበራ፣ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን ሞደሙ ጋ አልደረሰም። ያኔም ከግድግዳው ወደ ሞደሙ የሚሄደው ቀጭን ገመድ አለመታጠፉን፣ ጫፉም በደንብ መግባቱን አረጋግጥ። ጥፋቱ እዚያ ከሆነ የቤትህ ነው። ደህና ከሆነ ቀዩን መብራት በስልክህ ፎቶ አንሳ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያውን እንዲህ ጻፈው፦

> ጉዳዩ፦ በውሉ አንቀጽ 14 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ
>
> ታኅሣሥ 2 ያስገባሁት ደብዳቤ በዚህ ተተክቷል። አገልግሎቱ በአባሪው በተዘረዘሩት ቀኖች ተቋርጧል። ከእነዚህ ውስጥ ኅዳር 3 የተመዘገበው ብልሽት የተጠገነው ኅዳር 11 ሲሆን፣ ይህም አንቀጽ 9 ከፈቀደው 3 የሥራ ቀን አልፏል። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ የመቋረጡ ምክንያት ተለይቶ በዘላቂነት እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። ካልሆነ በአንቀጽ 14 መሠረት ውሉን አቋርጣለሁ።

ኅዳር 3ና 11 ምሳሌ ናቸው፤ የራስህን አስገባ። «ምክንያቱ ተለይቶ» የሚለውን ግን እንዳትተወው። «ኢንተርኔቱ ይመለስልኝ» ብቻ ካልክ፣ በማግስቱ ለግማሽ ቀን ለቀውልህ አስተካክለናል ይሉሃል። በእርግጥ በ15 ቀኑ ውስጥ ጠግነውት ቀጥ ብሎ ከሠራ፣ በዚህ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ አትችልም። እንደገና ከተበላሸ አዲስ ማስጠንቀቂያ ትጽፋለህ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ። አንዱን ስጣቸው፤ ባንተ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርግ። 15 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው። «ማኅተም የያዘው ሰው የለም» ካሉህ፣ በሪኮማንዴ በፖስታ ላከውና ደረሰኙን ያዝ።

ቀኑ ካለፈና አሁንም ከጠፋ፣ ሁለተኛው አጭር ነው፦

> በገቢ ቁጥር … የሰጠሁት ማስጠንቀቂያ ጊዜው አልፏል። አገልግሎቱ አሁንም እየተቋረጠ ስለሆነ፣ ውሉን በአንቀጽ 14 መሠረት ከዛሬ ጀምሮ አቋርጫለሁ። ያቋረጥኩት ግዴታ ባለመፈጸሙ ስለሆነ አንቀጽ 11 አይመለከተኝም። ሞደሙን እንድትረከቡኝና ሒሳቤ እንዲዘጋ እጠይቃለሁ።

እስከዚያ ድረስ ወርሃዊውን ክፈል። ብታቆም «ባለመክፈሉ ዘጋነው» ብለው ጥፋቱን ወዳንተ ያዞሩታል፤ የጠፋባቸውን ቀኖች ሒሳብ በኋላ መጠየቅ ትችላለህ። ሞደሙንም ከነቻርጀሩ ስትመልስ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት የርክክብ ወረቀት ተቀበል። አሁንም የቀሪውን ወራት ክፈል ካሉህ፣ ሁለቱን ማኅተም ያረፈባቸው ደብዳቤዎች ይዘህ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት በል።