ማደንዘዣ ሳይኖር እግር መቁረጥ

«የድሮ ሐኪሞች እግር ሲቆርጡ ለምን እንደዚያ ይጣደፉ ነበር? ቀስ ቢሉ አይሻልም?»

በሽተኛው ነቅቶ ስለሚሰማው ነው። ጠፍረው ቢይዙትም ይወራጫል፤ ደሙም ይፈሳል። የለንደኑ ሮበርት ሊስተን እግር ከጭን ቆርጦ ለመጨረስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። በዚህ ጥድፊያ ሆድ ከፍቶ መሥራት እምብዛም አይሞከርም ነበር።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1846 ያው ሊስተን ፍሬድሪክ ቸርችል የተባለን አሽከር ኤተር በሚባል ማደንዘዣ አስተኝቶ እግሩን ቆረጠው። ሰውየው ሲነቃ እግሩ መቆረጡን እንኳ አላወቀም፤ መቼ እንደሚጀምሩ ጠየቀ ይባላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ እኔም መጀመሪያ ተሳስቼበታለሁ። ኤተር ሕመሙን እንጂ ቁስሉ ማመርቀዙን አላስቀረም። እንዲያውም ሐኪሙ ጊዜ ሲያገኝ ባልታጠበ እጁ ጠለቅ ብሎ ይገባ ጀመር። ማመርቀዙ የቀነሰው ሌላው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ያሳተመው፣ ጀርም በሚገድል ካርቦሊክ አሲድ ቁስልን የማከም ዘዴ እየተለመደ ሲሄድ ነው።