መልስ፦ «ቦርድ» ነኝ ወይስ «ቦሪንግ»?

«‹አይ አም ቦሪንግ› ብል ክላሱ ሳቀብኝ። ‹ዎኪንግ ቱ ከዚራ፣ ኤ ባጃጅ ሂት ሚ› ስልም ቲቸር ኤክስ አደረገብኝ። ምኑ ነው ስህተቱ?»

የሳቁት «እኔ ደባሪ ነኝ» ስላልክ ነው። «ቦሪንግ» የሚያሰለቸው ነው፣ «ቦርድ» የሰለቸው። የድሬ ሙቀት «ታየሪንግ» ነው፣ አንተ «ታየርድ» ነህ። «ለሰው ሁሌም በ‹ኢድ› የሚያልቀው ቃል ነው» የሚሉህን ግን አትስማ። ወሬው የማያልቅ ጎረቤትም «ቦሪንግ» ነው።

ሁለተኛው ላይ ያሳሳተህ አማርኛው ነው። «ወደ ከዚራ ስሄድ ባጃጅ ገጨኝ» ብትል ማንም ግር አይለውም፤ «ስሄድ» ውስጥ «እኔ» አለ። «ዎኪንግ» ውስጥ ግን ማንም የለም። እኔ ልሁን፣ አንተ ወይም እሷ፣ ቃሉ አይለወጥም። ስለዚህ አንባቢ ባለቤቱን ከኮማው በኋላ ይፈልጋል፤ እዚያ የሚያገኘው ባጃጁን ነው። ባጃጁ በእግሩ ወደ ከዚራ ሲሄድ ገጨህ ማለት ነው! (መጀመሪያ ስማር እኔም እንዲህ ጽፌ ተስቆብኛል።)

መፍትሄው ከኮማው በኋላ ራስህን ማስገባት ነው፦ «ዎኪንግ ቱ ከዚራ፣ አይ ዎዝ ሂት ባይ ኤ ባጃጅ»። ባጃጁን ባለቤት ማድረግ ከፈለግክ ደግሞ «እኔን» ፊት ላይ አውጣው፦ «ኤዝ አይ ዎዝ ዎኪንግ ቱ ከዚራ፣ ኤ ባጃጅ ሂት ሚ»።