የወሩን ማጠቃለያ ከመጻፋችሁ በፊት ሠንጠረዡ መቼ እንደተሠራ እዩ

በጎጃም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ዞን ጤና መምሪያዎች የጤና መረጃ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታባቸው ወራት ኃላፊዎች ማጠቃለያውን ሳይውል ሳያድር ይፈልጉታል። ኮአርተሙና መመርመሪያ ኪቱ ወደየትኛው ወረዳ ይጫን የሚለው በእናንተ አንድ ገጽ ይወሰናል። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ፤ DHIS2 ላይ የምታዩት ቁጥር የዛሬ መሆኑን እንዴት እንደምታረጋግጡ።

መጀመሪያ አሠራሩን ልብ በሉ። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ቅጹን ሲሞላ ቁጥሩ በቀጥታ ወደ ዋናው ማከማቻ ይገባል። እናንተ የምትከፍቱት ዳሽቦርድ፣ ሠንጠረዥና ካርታ ግን ከዋናው ማከማቻ አያነብም። የሚያነበው ለትንተና ተብለው ለብቻቸው ከሚሠሩ ሠንጠረዦች ነው። እነዚህን ሠንጠረዦች የሚያድሰው በቀጠሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት የሚሠራ ተግባር ነው። ተግባሩ አንድ ሌሊት ካልተሳካ ዳሽቦርዱ አይዘጋም፣ ቀይ መብራትም አያበራም። የትናንቱን ሥዕል እንደ ዛሬ አድርጎ ያሳያችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታው ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አሥር ወረዳዎች ያሉት ዞን እንበል፤ የጥቅምት ወባ ሕሙማን 4,200 ነበሩ። የኅዳር ሪፖርት ከጥቅምት 21 እስከ ኅዳር 20 ያለውን ይይዛል። እስከ ኅዳር 25 ማታ ስድስት ወረዳዎች አስገብተው ነበር፤ የቀሩት አራቱ ኅዳር 26 ከሰዓት በኋላ አስገቡ። የሌሊቱ እድሳት ግን አልተሳካም። ኅዳር 27 ጠዋት ባለሙያው ዳሽቦርዱን ከፈተ፤ ኅዳር 2,900 ይላል። ከ4,200 ወደ 2,900፣ «ወባ በ31 ከመቶ ቀንሷል» ብሎ ጻፈ።

አሁን ያንኑ ቁጥር በወረዳ እንዘርዝረው። 2,900ው የስድስቱ ወረዳዎች ብቻ ነው። እነዚያው ስድስት ወረዳዎች በጥቅምት የነበራቸው 2,600 ነው። ስለዚህ በተመዘገበው መረጃ የሚታየው የ31 ከመቶ መቀነስ ሳይሆን ከ11 ከመቶ በላይ የሆነ ጭማሪ ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፣ ቁጥሮቹም እያንዳንዳቸው ትክክል ናቸው፤ ስድስት ወረዳ ከአሥር ወረዳ ጋር መነጻጸሩ ነው መልእክቱን የገለበጠው።

ይህ ስሕተት ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ ወዲህና ወዲያ የሚያጋድል አይደለም። ሪፖርታቸው የሚዘገየው በአብዛኛው መብራትና ኔትወርክ የሚቸግራቸው ናቸው። ጎጃም ላይ ይህ ማለት ብዙ ጊዜ ከጮቄ ሥር ያሉት ደጋማ ቀበሌዎች ሳይሆኑ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱት ቆላማዎቹ ናቸው፤ ወባም የሚጠናው እዚያው ነው። ስለዚህ ያረጀ ሠንጠረዥ ወባን አሳንሶ ወደማሳየት ያዘነብላል፤ መድኃኒቱም ከሚያስፈልገው ቆላ ይርቃል።

ማረጋገጫው ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ስለ ሥርዓቱ የሚገልጸውን ገጽ ክፈቱ፤ ትንተናው መጨረሻ የተሠራበት ሰዓት እዚያ ተጽፏል። ፈቃድ ያላችሁ በአድራሻ መጻፊያው ከሥርዓቱ ዋና አድራሻ ቀጥሎ `/api/system/info` ጨምራችሁ ይህን መስመር ፈልጉ፦

```
"lastAnalyticsTableSuccess": "2024-12-05T02:14:31.000"
```

ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ታኅሣሥ 5 ሳይሆን ኅዳር 26 ቀን 2017 ነው። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት አደራ። 02:14 ከጠዋቱ 2 ሰዓት አይደለም፤ በኢትዮጵያ ሰዓት ከተዘጋጀ ሰርቨር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ፤ በዚያ መካከል ሪፖርት የገባ ከሆነ ይህ ልዩነት ሙሉ ወረዳ ሊውጥ ይችላል። ወደ ኤክሴል ያወረዳችሁት ፋይል ላይ ያለው ቀን ምንም አያረጋግጥም፤ የሚነግራችሁ መቼ እንዳወረዳችሁት ብቻ ነው።

ቀጥላችሁ ቁጥሩ የጠፋ ወይም ያነሰ የመሰላችሁን አንድ ወረዳ ምረጡና ከወረዳው አንድ ጤና ጣቢያ የመረጃ ማስገቢያ ቅጹን ክፈቱ። ቁጥሩ በቅጹ ላይ ካለና በዳሽቦርዱ ላይ ከሌለ፣ ያረጀው ሠንጠረዡ ነው፤ እድሳቱን የሚያካሂደውን ሰው አነጋግሩ። ከሁለቱም ከሌለ ጤና ጣቢያው ገና አላስገባም፤ የሚደወለው ወደዚያ ነው። ይህን ሳትለዩ ያስገባውን ወረዳ «አልላክህም» ብላችሁ ብትወቅሱ፣ በማግስቱ ስልካችሁን የሚያነሳ አታገኙም።

«የሪፖርት ምጣኔውን አይቻለሁ፣ 60 ከመቶ ነው» የሚሉ አሉ። ማየታቸው መልካም ነው፤ ሆኖም ምጣኔው ራሱ የሚወጣው ከእነዚያው የትንተና ሠንጠረዦች ነው። ሠንጠረዡ ከትናንት ከሆነ ምጣኔውም የትናንት ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ምጣኔውን እዩ። ምጣኔውንም በዞን ደረጃ ብቻ አትተዉት፤ በወረዳ ዘርዝሩት፤ የዞኑ አማካይ አንድ ሙሉ ቆላማ ወረዳ መቅረቱን ሸፍኖ ሊያሳልፍ ይችላል።

ባዶ ሳጥንንም በጥንቃቄ ያዙ። DHIS2 ለአንድ የመረጃ ዓይነት ዜሮ እንዲቀመጥ ካልታዘዘ በቀር ዜሮን አያስቀምጥም። ስለዚህ ባዶው «ወባ አልነበረም» ወይም «ሪፖርት አልመጣም» ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ባለሙያው ቅጹን ሞልቶ ሲጨርስ የሚጫነው የማጠናቀቂያ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ከሌለ ባዶውን እንደ ዜሮ አትደምሩት።

እድሳቱ ሳይደርስ ኃላፊው ማጠቃለያውን ዛሬውኑ ከፈለገስ? ይህ ይደርስባችኋል። የጎደሉትን ወረዳዎች በጥቅምት ቁጥር አትሙሏቸው፤ ወረርሽኝ የሚጀምረው ካለፈው ወር በተለየው ቁጥር ስለሆነ ያሟላችሁት የመሰለው ቁጥር ያንኑ ምልክት ይደብቃል። ይልቁንስ በሁለቱም ወራት ያሉትን ስድስቱን ብቻ አነጻጽሩና ከቁጥሩ በላይ፣ ከግርጌ ሳይሆን ከርእሱ ሥር፣ እንዲህ ጻፉ፦ «መረጃው ለኅዳር 26 አጥቢያ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የገባውን ይይዛል፤ ከ10 ወረዳዎች 6ቱ ተካተዋል፤ በእነዚህ 6 ወረዳዎች የወባ ሕሙማን ከ2,600 ወደ 2,900 ጨምረዋል፤ ያልተካተቱት 4 ወረዳዎች በጥቅምት 1,600 ሕሙማን ነበሯቸው።» የመጨረሻዋን ሐረግ አትርሷት። የጎደለው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለኃላፊው የምትነግረው እርሷ ናት፤ ኪቱን ለመጫን ይቸኩል ወይስ እስከ ነገ ይጠብቅ የሚለውን በእርሷ ይመዝናል።

የቀሩት አራቱ ሲገቡ አዲሱን ማጠቃለያ ላኩ፤ የትኛው ቁጥር ከየት ወደ የት እንደተቀየረ በመጀመሪያው መስመር ግለጹ። የቀድሞውን ግን አታጥፉ፤ ኅዳር 27 ላይ የተወሰነው በምን መረጃ እንደነበር ወደፊት የሚጠይቅ ይኖራል።