ኢሜይሉን ከመጻፋችሁ በፊት ስፌቱን እዩ

በግዥና በንብረት ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። እኔ በዚሁ ሥራ ኮምቦልቻ ብዙ ዘመን ቆይቼ አሁን ደሴ ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣቶች አንዳንዴ ለአቅራቢ የሚልኩትን የቅሬታ ጽሑፍ ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ» ይሉኛል። ደስ እያለኝ አያለሁ።

በቅርቡ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የንብረት ሠራተኛ ረቂቁን አሳየኝ። ፋብሪካው ከአዲስ አበባ አቅራቢ ባለ 50 ኪሎ የዱቄት ከረጢት አዝዟል፤ 10,000 ፍሬ። ዕቃው በ20 እስር መጣ። በእያንዳንዱ እስር 500 ከረጢት አለ። ሁለቱ እስሮች ያለ ችግር ተሞሉ። ሦስተኛው ሲፈታ ግን የከረጢቱ የታች ስፌት እየተከፈተ ዱቄቱ መሬት ላይ ይፈስ ጀመር። ልጁ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «የላካችሁልን ከረጢት በሙሉ የማይረባ ስለሆነ ለከፍተኛ ኪሳራ ተዳርገናል። አስቸኳይ መፍትሔ እንድትሰጡን በጥብቅ እናሳስባለን።»

ንዴቱ ይገባኛል። ግን ይህን ኢሜይል አቅራቢው ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ስንት ከረጢት ነው የተበላሸው? የትኛው እስር? የሚፈልጉት ገንዘብ ነው ወይስ ቅያሪ? መልሱ የለም። «በሙሉ» የሚለው ደግሞ እውነት አይደለም፤ ሁለት እስር ደህና ነበር። አቅራቢው ይህን ካወቀ የቀረውንም አያምናችሁም። ከዚያ ሁለት የተለመዱ መልሶች ይመጣሉ፦ «ከልክ በላይ ሞልታችሁት ይሆናል» ወይም «ፀሐይ ላይ አቆይታችሁት ይሆናል።» ሁለቱም ከረጢት የሚያበላሹ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት እናንተው ራሳችሁን ጠይቁ።

ልጁን ወደ መጋዘን መልሼ ላክሁት። የተከፈተ ከረጢት ሲታይ ብዙ ይናገራል። ክሩ ተበጥሶ ከሆነ ክሩ ደካማ ነው፣ ወይም ክብደት በዝቶበታል። ከረጢቱ መሀል ላይ ከተቀደደ አያያዙን ወይም ጨርቁን ጠርጥሩ። ፀሐይ የጎዳው ከሆነ ጨርቁ በእጅ ሲታሽ ይሰባበራል። ክሩ ሳይበጠስ፣ የጨርቁ ጠርዝ ብቻ ተተርትሮ ከስፌቱ ሾልኮ ከወጣ ግን ስፌቱ ለጠርዝ በጣም ቀርቧል ማለት ነው። ይህ የመስፊያ ማሽን ላይ የሚፈጠር ጉድለት ነው። እዚህ የተገኘው ይኸው የመጨረሻው ነበር።

በማስመሪያ ለካው። አቅራቢው ፕሮፎርማ ሲያስገባ አብሮ የሰጠው ናሙና ታች ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ታጥፎ የተሰፋ ነው። የተከፈቱት ላይ እጥፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያ ናሙና በፊርማ ተጠብቆ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። የግዥ ትእዛዙ «ባለ 50 ኪሎ ከረጢት» ብቻ ነበር የሚለው፤ ስለ እጥፋት አንዲት ቃል የለችበትም። ናሙናው ባይኖር መለኪያ አይኖረንም ነበር። እባካችሁ፣ ናሙና አትጣሉ።

ቀጥሎ ያልተፈቱት 17 እስሮች አሉ። ሁሉንም መቁጠር ጊዜ ይፈጃል። ከእያንዳንዱ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች እየመዘዘ 20 ከረጢት አየ። በስድስቱ እስሮች ያው ጠባብ እጥፋት ተገኘ። በ11ዱ አልተገኘም። ያልተከፈቱትን ሙሉ ከረጢቶችም ሚዛን ላይ አወጣቸው። ፎቶ ሲያነሣ ማስመሪያውን ስፌቱ ላይ አስቀምጦ፣ የእስሩ ቁጥር አብሮ እንዲታይ አድርጎ ነው። ባዶ ስፌት ብቻ የሚያሳይ ፎቶ የማን ከረጢት እንደሆነ አይናገርም።

ከዚህ በኋላ ኢሜይሉ ራሱ ቀላል ሆነ፦

ርእስ፦ በደረሰኝ ቁጥር 00418 የገቡ ከረጢቶች የስፌት ጉድለት፣ የ3,500 ከረጢት ቅያሪ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፣

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. 10,000 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት በ20 እስር ተረክበናል። ጥቅምት 11 ቀን ከእስር 3 በሞላናቸው 120 ከረጢቶች የ31ዱ የታች ስፌት ተከፍቷል። ያልተከፈቱትን 89 መዝነናል፤ ሁሉም የያዙት ከ50 እስከ 50.3 ኪሎ ነው። ከረጢቶቹ የተቀመጡት ጣሪያ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው።

በተከፈቱት ላይ ክሩ አልተበጠሰም። የጨርቁ ጠርዝ ከስፌቱ ወጥቷል። እጥፋቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን በናሙናችሁ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ካልተፈቱት 17 እስሮች ከየአንዳንዱ 20 ከረጢት አይተን በእስር 7፣ 8፣ 11፣ 12፣ 15 እና 19 ተመሳሳይ ጉድለት አግኝተናል። በሌሎቹ 11 እስሮች ባየነው ላይ ጉድለት የለም።

ሰባቱን እስሮች ከሥራ አውጥተን ለይተን አስቀምጠናል። መጥታችሁ ብታዩ ደስ ይለናል። የምንጠይቀው 3,500 ከረጢት እስከ ጥቅምት 28 ቀን እንድትቀይሩልንና የመመለሻውንም የማምጫውንም ትራንስፖርት እንድትሸፍኑ ነው። መቀየር ካልቻላችሁ በደረሰኙ ዋጋ ገንዘቡ ይመለስልን። መልሳችሁን እስከ ጥቅምት 18 ቀን እንጠብቃለን። ስለፈሰሰው ዱቄት መዝነን ለብቻው እንጽፋለን።

ደረሰኙ፣ የርክክብ ሰነዱ፣ ስድስት ፎቶዎችና የሚዛኑ መዝገብ ተያይዘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢሜይሉ «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» አይልም። እኛ ማሽኑን አላየንም። ያየነው ስፌቱን ነው። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የአቅራቢው ሥራ ነው፤ እናንተ ገምታችሁ ከተሳሳታችሁ ክርክሩ ግምታችሁ ላይ ይሆንና ከረጢቱ ይረሳል። ደህና የሆኑትን 11 እስሮች መጥቀሱንም ልጁ አልወደደውም ነበር። እኔ ግን አጥብቄ ያዝሁት። የማያዳላ ሰው እንደጻፈው የሚያሳየው እሱ ነው።

የዱቄቱን ኪሳራ ለብቻ ያደረግነው ቅያሪው በእሱ ምክንያት እንዳይጓተት ነው። ከረጢት ከሌለ ወፍጮው ይቆማል።

ጊዜም አታባክኑ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢ ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። ምርመራው ብዙ ቀን የሚፈጅ ከሆነ ያገኛችሁትን ወዲያው አሳውቁ፤ ዝርዝሩን ተከትላችሁ ላኩ። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፣ ቴሌግራምም ጥሩ ነው፤ ግን በስልክ የተባባላችሁትን በዚያው ቀን በኢሜይል ጻፉት። ቪዲዮ ካለ አሳጥሩት። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ አይቀበልም።

አቅራቢው «እሺ፣ መልሱልኝ» ሲል ደግሞ በደስታ ሁሉንም መኪና ላይ እንዳትጭኑ። ከየእስሩ ጉድለቱ በግልጽ የሚታይበትን ጥቂት ከረጢት አስቀሩ፣ ማስቀረታችሁንም ጻፉለት። የእስሩ ቁጥርና ብዛቱ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ሹፌሩን አስፈርሙ። ቅያሪው ሲመጣም መኪናው ሳይራገፍ ከየእስሩ ጥቂት መዝዛችሁ እጥፋቱን በማስመሪያ ለኩ።