«መንገድ ላይ ነኝ» አትበሉ፣ ሰዓቱን ንገሩን

ልጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አጭር መልእክት ነው። ስብሰባ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው «እዘገያለሁ» ብላችሁ ስለምትልኩት። በሰሜን ሸዋ በውሃ ሥራ ብዙ ዓመት ስመላለስ ከቧንቧና ከሲሚንቶ ያላነሰ ሥራ ያበላሸብኝ ይህች መልእክት ናት። አንዱን ቀን ልንገራችሁ።

ደብረ ሲና ላይ ጠዋት 3:00 ርክክብ ነበረን። ምንጭ አጎልብተን፣ መስመር ዘርግተን፣ ቦኖው ተሠርቶ አልቋል። የቀረው ተቋራጩ፣ የወረዳው ሰዎችና የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ቁጭ ብለው መፈራረም ነው። ከኮሚቴው ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጉዘው ነው የሚመጡት። እኔ ከደብረ ብርሃን በፒክአፕ ተነሣሁ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በደህና ቀን አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃዋል። 1:35 ወጣሁ። ስለዚህ 2:50 እደርሳለሁ አልኩ። አሥር ደቂቃ ተረፈኝ ማለት ነው።

ጣርማበርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጉሙ ሲወርድ የፊት መኪና መብራት ብቻ ነው የሚታየው። ጣሊያን ያስቆፈረው ዋሻ ጋ ሳንደርስ 2:30 ላይ ቆምን። ሲኖትራክ መንገዱን አቋርጦ ተበላሽቷል። ሾፌራችን ወርዶ ሄዶ አይቶ ተመለሰ። «የሚጎትተው መኪና እየመጣ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ይላሉ» አለኝ። ሰዓቱ 2:40 ነበር።

እኔ ግን ዝም አልኩ። ምናልባት ቶሎ ይከፈታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። 2:55 ሲል ለሰብሳቢው እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።» ውሸት ልናገር አስቤ አልነበረም። በኪሎ ሜትር ካያችሁት እውነትም ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የደረስኩት 4:10 ነው። ሽማግሌዎቹ 3:45 ላይ ተነሥተው ሄደዋል። የገበያ ቀን ነበር፣ አንዱ የሚሸጠው በግ አስይዞ መጥቷል። ርክክቡ ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ቦኖው ተቆልፎ ከረመ፣ ሴቶቹም ወደ ድሮው ምንጭ ወረዱ። ቁልፉን ለመረከብ መፈረም የነበረባቸው እነዚያ የሄዱት ሽማግሌዎች ነበሩ።

ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ሲኖትራኩ የእኔ ጥፋት አይደለም። መልእክቱ ግን የእኔ ነው። ሰብሳቢው ያንን ካነበበ በኋላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ምንም። «ትንሽ» ለእሱ አሥር ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሰዎቹን አስቀምጦ ጠበቀኝ። 3:15 ሲሆን «ደረሰ» አላቸው፣ 3:30 ሲሆንም «ደረሰ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ከእኔ ይልቅ በእሱ ነው የተቀየሙት።

በ2:40 ምን አውቅ እንደነበር አሁን ላስላላችሁ። መንገዱ በሾፌሮቹ ግምት 3:10 ይከፈታል። ሲከፈት ግን ሁሉም አንዴ አይወጣም። ከፊታችን አርባ ያህል መኪና ተሰልፎ ነበር፣ ከወዲያኛውም ወገን እንዲሁ፣ እየተፈራረቁ ነው የሚያልፉት። ለዚህ 15 ደቂቃ ያዙ፣ 3:25 ሆነ። ከዋሻው በኋላ ቁልቁለቱን በጉም፣ ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተቱ መውረድ 25 ደቂቃ ነው፣ 3:50። ከተማ ገብቶ መኪና ማቆም፣ በር ላይ መፈተሽ፣ ሰነዱን ይዞ ደረጃ መውጣት ሌላ 5 ወይም 10 ደቂቃ። ስለዚህ 4:00 ነው። ስሌቱ ወረቀትም አይፈልግም፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የመጨረሻዋን ክፍል ስንረሳ ነው። «እደርሳለሁ» ስንል ከተማው መግቢያ መድረሳችንን እናስባለን። የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ወንበር ላይ መቀመጣችንን ያስባል። መሀሉ ላይ ያለው አሥር ደቂቃ የጠብ ምንጭ ነው። ስለዚህ የምትጽፉት ሰዓት ስብሰባው ክፍል የምትገቡበት ይሁን።

ሌላው፣ ግምቱን ወደ ራሳችን ምኞት እናስጠጋዋለን። 4:00 እያለ «3:30» ብለን እንጽፋለን። ሰውየው እንዳይቆጣ ነው የሚመስለን። 3:30 ላይ «3:45»፣ ከዚያ «አሁን ደረስኩ» እንላለን። ሦስት ጊዜ የተቆራረጠ መዘግየት ከአንድ ረጅም መዘግየት ይከፋል፣ ምክንያቱም ሰዎቹ በየመሀሉ ምንም መሥራት አይችሉም። አንድ ሰዓት እንደሚቆዩ ያወቁ ሽማግሌዎች በጉን ሸጠው ይመለሱ ነበር። ስትጽፉ ትንሽ ረዘም አድርጉ፣ ቀድማችሁ ብትገቡ የሚያዝን የለም። ረዘም አድርጉ ስል ግን ሃያ ደቂቃውን ሁለት ሰዓት በሉት ማለቴ አይደለም። ሰው በትኖ ይሄዳል።

በ2:40 መላክ የነበረብኝ ይህንን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለ3:00 መድረስ አልችልም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጣርማበር ላይ መንገድ ተዘግቷል። ስብሰባው ክፍል የምገባው 4:00 ገደማ ነው። እባክዎ በኮሚቴው ሒሳብና በቁልፍ ርክክቡ ጀምሩ፣ እኔ የማስፈልገው ለጉድለት ዝርዝሩ ብቻ ነው። 3:15 ላይ ደግሞ እደውልልዎታለሁ።»

ይቅርታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሲኖትራኩ ታሪክ፣ የጉሙ ብዛት፣ የሾፌሩ ንግግር እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። ምክንያት ሲረዝም አንባቢው ሰዓቱን ፍለጋ ይደክማል፣ አንዳንዱም ማመኻኛ ይመስለዋል።

«ጀምሩ» የምትለዋን ግን አትዝለሉ። በእኛ አገር ይሉኝታ አለ። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ እንግዳ ሳይደርስ ስብሰባ መጀመር እንደ ንቀት ይቆጠራል። እናንተ በአፋችሁ «ጀምሩ» ካላላችሁ ማንም አይጀምርም። «አትጠብቁኝ» ብቻም አይበቃም፣ ይህን ሰው ለትሕትና የሚለው ነው ብለው ያልፉታል። በየትኛው ጉዳይ እንደሚጀምሩ ስትነግሯቸው ነው የሚያምኑት። ያለ እናንተ ምንም የማይሆን ከሆነ ደግሞ ያንንም ጻፉ፦ «እኔ ሳልኖር መፈረም ስለማይቻል ሰዎቹ እስከ 4:00 ጉዳያቸውን ይጨርሱ።»

መቼ ይላክ? እደርስ ይሆን ብላችሁ የተጠራጠራችሁ ጊዜ ነው፣ አለመድረሳችሁን እርግጠኛ እስክትሆኑ አትጠብቁ። ያን ቀን ለእኔ 2:40 ነበር። ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሰብሳቢው አጀንዳውን ማገላበጥ ይችላል፣ ቅርብ ያለውን ሰው ከቤትህ አትውጣ ማለት ይችላል። 2:55 ላይ ግን ሁሉም ተቀምጧል። ከ3:00 በኋላ የሚመጣ መልእክት ደግሞ አስቀድመው ያዩትን ነገር መልሶ መንገር ነው። አሥር ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ከቀረው ደውሉ። ሰብሳቢው በዚያ ሰዓት እንግዳ እየተቀበለ ነው፣ ስልኩን አያነብም። ከደወላችሁ በኋላ ሰዓቷን በጽሑፍም ላኩለት፣ ለሌሎቹ ሲነግር እንዳይዛባበት።

መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ጨርሶ የማይታወቅበት ቀንም አለ። መኪና ተገልብጦ ትራፊክ ፖሊስ እየተጠበቀ፣ ወይም መሬት ተንሸራቶ። ያኔ የመድረሻ ሰዓት አትፍጠሩ። «መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፣ 3:15 ላይ ያለውን እነግርዎታለሁ፣ እስከዚያ ካልተከፈተ ለሌላ ቀን እናድርገው» በሉ። 3:15 ሲደርስም፣ አዲስ ነገር ባይኖርም፣ ደውሉ።

ስለ ኔትወርክ ይህን ልጨምር። ከጣርማበር ወደ ታች ስትወርዱ አንዳንዱ ጥግ ላይ ይቆራረጣል። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ላኩ፣ መላኩንም አረጋግጡ። ቴሌግራም ላይ ሰዓት የምትመስለው ምልክት እየታየች ከቆየች መልእክቱ ገና ከስልካችሁ አልወጣም። ተራው የጽሑፍ መልእክት ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ለግሩፑ ከመጻፍ ይልቅም ለሰብሳቢው ለብቻው ጻፉ፣ ሽማግሌዎቹ ቴሌግራም የላቸውም። መሪ የያዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይጻፍ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ያ ቁልቁለት ስልክ እያዩ የሚወረድ አይደለም።

ሰዓቱንም ጥርት አድርጉት። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ «9:50» ቢላችሁ በእኛ 3:50 ነው። እንዳለ ገልብጦ «9:50 እደርሳለሁ» ብሎ የላከ ልጅ አውቃለሁ። ሰብሳቢው ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ሰዉን ወደ ቤት ሸኘው። «ጠዋት» የምትለዋን ቃል ጨምሩበት፣ ምንም አታስከፍልም። «በግማሽ ሰዓት ውስጥ» ከማለትም የሰዓቱን ቁጥር ጻፉ፣ መልእክቱ መቼ እንደሚነበብ አታውቁምና።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያው ቀበሌ ስሄድ አንደኛውን ሽማግሌ አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «መንገዱማ የእግዜር ነው ልጄ፣» አሉኝ። «ግን አራት ሰዓት ነው ብትለን ኖሮ በጉን ሸጠን እንመጣልህ ነበር።»