ስድስት ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት አንዲት ልጅ መልእክት ላከችልኝ። አራት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እድገት የለም፣ ዝውውርም የለም። «ጋሼ፣ የኮከብ ካርታዬ ላይ ያሉት ዋና ዋና ቦታዎች ስለ ሥራዬ ምን ይላሉ?» ትላለች። ስልኳ ያወጣላትን ካርታም ልካልኛለች። ፀሐይዋ፣ ጨረቃዋ፣ ስትወለድ በምሥራቅ ይወጣ የነበረው ምልክት፣ ሁሉም በቀለም ተሥሎ ያምራል። ከታች የልደት ሰዓቷ አለ፤ 3:00 AM።

«ስንት ሰዓት ነው የተወለድሽው?» አልኳት።

«ጠዋት 3 ሰዓት።»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋብኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በስልኩ አቆጣጠር 9:00 AM ነው። ልጅቷ ያስገባችው ግን ሌሊት 9 ሰዓትን ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይ በስድስት ሰዓት ብዙ አትሄድም፤ ጨረቃም ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ትራመዳለች። ከ12ቱ ምልክቶች በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ግን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይቀየራል። ስለዚህ በስድስት ሰዓት ሦስት ምልክት ያልፋል። ካርታው ደግሞ በ12 ቤት ይከፈላል፤ ሥራን የምናይበት አሥረኛው ቤት የሚቆጠረው ከዚያ ከሚወጣው ምልክት ነው። ልጅቷ እያነበበች ያዘነችበት ካርታ የሌላ ሰው ካርታ ነበር።

የዛሬ ልጆች እንዲህ ናችሁ። ለስልካችሁ የማትነግሩት የለም፤ እናታችሁን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን ይከብዳችኋል። ይህን ስል ደግሞ አፌን ይይዘኛል። ያንኑ የስድስት ሰዓት ስሕተት እኔ ስልክ ሳይኖረኝ፣ በእጄ፣ በእርሳስ ሠርቼዋለሁ።

ጊዜው ግንቦት 1992 ነበር። ደብረ ብርሃን ሒሳብ አስተምር ነበር። በትርፍ ጊዜዬ ካርታ አወጣለሁ። የፈረንጆቹን የኮከብ ሰንጠረዥ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ አምጥቶልኝ ነበር። አጎቴ ይህን ስሠራ እያየ ይስቅብኛል። እሱ የሚያውቀው የኛን የቆየውን ነው። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ይደምራል፣ ለ12 ያካፍላል፣ ከቀሪው ሐመል ወይም ሰውር ብሎ ኮከቡን ይናገራል። «የእኔ ሰዓት አይጠይቅም፤ ያንተ ሰዓት ከሌለ ዕውር ነው» ይለኝ ነበር። ያኔ አልሰማሁትም።

በዚያ ወር ከመሐል ሜዳ ደብዳቤ መጣልኝ። አራት ገጽ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጽሕፈቷ እንደ ዶቃ የተሰካ። «ይድረስ ለተከበሩ መምህር» ብላ ትጀምራለች። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ከእሷ በኋላ የተቀጠሩ ሁለት ሰዎች አልፈዋት አድገዋል። አለቃዋ ጥሩ ሰው ነው ትላለች፤ ሥራዋንም ያመሰግናል። ግን ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር የእሷ ስም አይጠራም። «ኮከቤ ከሥራ ጋር አልተስማማም ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ፀሐይዋ፣ ጨረቃዋ፣ የሚወጣው ምልክትና አሥረኛው ቤቷ ምን እንደሚሉ እንድነግራት ትለምናለች። የተወለደችው መንዝ ነው፤ መስከረም 13 ቀን 1963፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት።

በአራተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከፊርማዋ በታች፣ ሁለት መስመር ጨምራለች። ለእድገቱ ዲፕሎማ ይጠየቃል፤ እሷ ያላት የ12ኛ ክፍል ወረቀት ነው። የማታ ትምህርት ምዝገባ እስከ ሰኔ ክፍት ነው፤ አለቃዋም ፈቃዱን ፈርሞላታል፤ የምትፈራው ክፍያውን ነው።

ያን ሁለት መስመር አንብቤዋለሁ። ያላነበብኩት አይምሰላችሁ። አንብቤ ወደ ሰንጠረዤ ሄድኩ።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ቀኑን ወደ ፈረንጅ መቀየር ነው። 1962 ጳጉሜዋ አምስት ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 1963 ሴፕቴምበር 11፣ 1970 ላይ ይውላል። 13 ማለት ሴፕቴምበር 23 ነው። (ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ የሚመጣው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ቀን ይስታል።) ቀጥሎ ሰዓቱ። ሌሊት 8 በፈረንጅ 2:00 ነው። ሰንጠረዡ የተሠራው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ እኛ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ይቀነሳል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ ያውም ሴፕቴምበር 22 ይሆናል።

እኔ በመቀነስ ፈንታ ደመርኩ። 5:00 ብዬ ጻፍኩ።

ሲደመር ካርታው ተገለበጠ። በምሥራቅ ሚዛን የሚባለው ምልክት ወጣ። ከሚዛን ስትቆጥሩ አሥረኛው ቤት ሸርጣን ነው፤ ጨረቃዋም እዚያው ሸርጣን ላይ፣ በገዛ ቤቷ ተቀምጣለች። ለአንድ ኮከብ ቆጣሪ ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። «ሕዝብ ይወድሻል፣ ሥራው ራሱ ይፈልግሻል» ይባላል። ሳተርን ግን ሰውር ላይ ነበር፤ ከሚዛን ሲቆጠር ስምንተኛው ቤት ላይ ይወድቃል፣ የዕዳና የጭንቅ ቤት። ያን ጊዜ ደግሞ ሳተርን ዙሩን ጨርሶ ወደተነሣበት ሰውር ተመልሶ ነበር። ሳተርን አንድ ዙር ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ እሷም 29 ዓመቷ ነበር። ይባስ ብሎ ግንቦት 20 ጁፒተርና ሳተርን እዚያው ሰውር ላይ ተገናኙ፤ በሃያ ዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። እኔ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲህ ያለ ካርታ በየቀኑ አይገኝም።

እናም ጻፍኩላት። «አሁን ዕዳ ውስጥ አትግቢ። ሳተርን ሰውርን ጨርሶ እስኪለቅ፣ እስከ ሚያዝያ 1993 ድረስ፣ ባለሽበት ጠብቂ። ጨረቃሽ አሥረኛው ቤት ላይ ናት፤ እድገቱ ራሱ ይመጣል።» ስድስት ገጽ ሞላሁ። ያሳፍራል፣ ግን ጥሩ አድርጌ እንደጻፍኩ ይሰማኝ ነበር።

በ1998 ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አገኘኋት። የመሐል ሜዳ አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። እሷ ናት ያወቀችኝ። ሰላምታው አለቀና «እንዳሉኝ ጠበቅሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ፈቃዱን የፈረመላት አለቃ በዚያው ክረምት ተዛወረ፤ የመጣው አዲሱ አልፈርምም አለ። አሁንም መዝገብ ቤት ናት። «እናቴ ግን ሌላ ነው የምትለው» አለች፤ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋና ሳትጨርስልኝ ሄደች።

ቤቴ ገብቼ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። 2:00 እና 5:00 ጎን ለጎን ተጽፈዋል። የደመርኩበት ምልክት ጠቁሮ ይታያል። ተማሪዎቼን በመደመርና በመቀነስ ስንት ጊዜ ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ!

ካርታውን እንደገና ሠራሁት። የሚወጣው ምልክት ሸርጣን ነው፣ መጨረሻው አካባቢ። አሥረኛው ቤት ሐመል ሆነ። የሐመል ጌታ ማርስ ነው፤ ማርስ ደግሞ ሰንቡላ ላይ ከፀሐይዋ ጋር ሦስተኛው ቤት ውስጥ ነው፤ የትምህርት፣ የጽሑፍና የአጭር ጉዞ ቤት። ሳተርን ከስምንተኛው ወጥቶ አሥራ አንደኛው፣ የተስፋ ቤት ላይ ተቀመጠ። ይህን ካርታ ያኔ ባይ ኖሮ «ሂጂ ተመዝገቢ» እላት ነበር።

በጥር ለማጣራት መሐል ሜዳ ወጣሁ። እናቷ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። «ሰዓት ማን ነበረውና?» አሉኝ። «ዶሮ ሁለተኛ ሲጮህ ነው። ሌሊት 8 ያለው ካርድ የሞላው ሰውዬ ነው።» ሌሊቱስ? ለ13 አጥቢያ ነው ወይስ 13 ከዋለ በኋላ? በቀኑ መካከል ፀሐይ ከሰንቡላ ወደ ሚዛን ስለተሻገረች ይህ ለውጥ ያመጣል። እናቷ ትንሽ አሰቡና «አጥቢያው ነው መሰለኝ» አሉ። የሚወጣው ምልክት ደግሞ አሰድ ለመሆን የቀረው ሩብ ሰዓት ያልሞላ ነበር። ዶሮው ትንሽ ቢዘገይ የሥራ ቤቷ ከሐመል ወደ ሰውር ይዞራል፣ ሳተርንም እዚያው ሥራ ቤት ላይ ይቀመጣል። በዶሮ ጩኸት የቆመ ካርታ ነበር ስድስት ገጽ ያስጻፈኝ።

በስተርጅና አንድ ነገር አነበብኩ። በ1985 በፈረንጆች፣ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ፈተና ነው። ቆጣሪዎች አንድ የልደት ካርታና የሦስት ሰዎች የጠባይ መግለጫ ተሰጣቸው፤ የካርታውን ባለቤት ምረጡ ተባሉ። በዕጣ ከሚወጣው፣ ከሦስት አንዱ ከመሆን የተሻለ አልሆነላቸውም። አልገረመኝም። እኔም ከተሳሳተው ካርታ ስድስት ገጽ አውጥቻለሁ፤ ከትክክለኛውም አወጣ ነበር። ሁለቱም ያምሩ ነበር።

ታዲያ ተውክ ወይ? አልተውኩም። አሁንም የሰው ካርታ ሲመጣ እጄ ወደ እርሳሱ ይሄዳል፤ ያንን ውበት እወደዋለሁ። ግን ከካርታው በፊት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነባለሁ። በተለይ ከፊርማው በታች ያለውን። ሰው የሚፈራውንና የሚያውቀውን እዚያ ይጽፋል።

ለሸዋ ሮቢቷ ልጅ ሰዓቱን አስተካክዬ አዲሱን ካርታ ላኩላት፤ ይኼ ነው ያንቺው ብዬ። ስለ ቦታዎቹ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሁለት ነገር ጠየቅኋት፤ የመጨረሻው የእድገት ማስታወቂያ ምን መስፈርት ይላል? ጠዋት 3 ሰዓት ያለሽስ ማን ነው?

ለመጀመሪያው ገና አልመለሰችም። ለሁለተኛው ትናንት ማታ አንድ መስመር ጻፈች፤ «እማዬ ከብት ከወጣ በኋላ ነው አለች።»